ቬጋ በኤክሴል፦ የወር ኦፕሽንና የዓመት ኦፕሽን ለቮላቲሊቲ ለምን እኩል አይደነግጡም?

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ስለ ፋይናንስ ገበያ የምንማማር ጥቂት ሰዎች አለን። ባንክ የሚሠሩ አሉ፣ አካውንቲንግ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉም አሉ። ኦፕሽን ላይ በደረስን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። በቴሌግራምም ይላክልኛል። እንዲህ ይላል፦ «ቬጋው ትልቅ የሆነው የዓመቱ ኦፕሽን ነው ተብያለሁ። ገበያው ሲናወጥ ግን ዋጋው የዘለለው የወሩ ነው። የተማርኩት ስህተት ነው ወይስ ገበያው?»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለምን እንደሆነ በቃል ከማስረዳ በገዛ እጃችሁ አስልታችሁ ብታዩት ይሻላል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተራ ጽፌአቸዋለሁ። ሳትዘሉ ሂዱ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመውን ቁጥር ይጠቀማል።

ማስጠንቀቂያ

ይህ የልምምድ ሥራ ነው። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ ኦፕሽን አይሸጥም። ስለዚህ ምሳሌዎቹ በዶላር ናቸው፣ የውሉ ደንብም የአሜሪካ ነው። ወደ ውጭ ገንዘብ ልኮ መነገድ ሌላ ጉዳይ ነው። የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሬ መመሪያ ሳታጣሩ «እኔ አካውንት እከፍትላችኋለሁ» ለሚል ሰው ብር እንዳትሰጡ።

ሌላም አለ። ከታች ደረጃ 6 ላይ ኦፕሽን መሸጥ አለበት። ኦፕሽን የገዛ ሰው የሚከስረው ቢበዛ የከፈለውን ነው። የሸጠ ሰው ግን ከተቀበለው በላይ ብዙ እጥፍ ሊከስር ይችላል። እዚያ ያለው የአቀማመጥ ምሳሌ እንዲታይ እንጂ እንዲገለበጥ አልተጻፈም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ። መብራትና ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ኤክሴል ይሻላል።
- ኮል ኦፕሽን ምን እንደሆነ ማወቅ፦ አንድን አክሲዮን እስከ ማብቂያው ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ያ የተወሰነ ዋጋ ስትራይክ ይባላል።
- ቮላቲሊቲ ምን እንደሆነ ማወቅ፦ አክሲዮኑ በዓመት ምን ያህል ወደላይና ወደታች ሊዋዥቅ እንደሚችል በመቶኛ የሚናገር ቁጥር ነው። እዚህ የምንጠቀመው ከኦፕሽኑ ዋጋ ወደ ኋላ ተሰልቶ የሚገኘውን ነው። እሱ ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ ይባላል።

ቬጋ ማለት ይህ ቮላቲሊቲ በአንድ ነጥብ ሲንቀሳቀስ፣ ለምሳሌ ከ20 በመቶ ወደ 21 በመቶ ሲሄድ፣ የኦፕሽኑ ዋጋ በስንት ዶላር እንደሚለወጥ የሚነግረን ቁጥር ነው። ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ማስያውን ሥሩ

አዲስ ሺት ክፈቱ። በ`A` አምድ የየረድፉን ስም ጻፉ። በ`B` አምድ ደግሞ እነዚህን አስገቡ፦ `B1` ላይ የአክሲዮኑን ዋጋ 100፣ `B2` ላይ ስትራይኩን 100፣ `B3` ላይ የቀረውን ቀን 30፣ `B4` ላይ ቮላቲሊቲውን 0.20። ከዚያ ቀመሮቹን ጻፉ፦

```
B5: =B3/365
B6: =(LN(B1/B2)+B4^2/2*B5)/(B4*SQRT(B5))
B7: =B6-B4*SQRT(B5)
B8: =B1*NORM.S.DIST(B6,TRUE)-B2*NORM.S.DIST(B7,TRUE)
B9: =B1*NORM.S.DIST(B6,FALSE)*SQRT(B5)/100
```

`B8` የኮሉ ዋጋ ነው፣ `B9` ደግሞ ቬጋው። ይህ የብላክ ሾልስ ቀመር ነው። ወለድንና ዲቪደንድን ሆን ብዬ ዜሮ አድርጌአቸዋለሁ፤ ካስገባናቸው ቁጥሮቹ ትንሽ ይለወጣሉ፣ የምንፈልገው ነገር ግን በግልጽ አይታይም።

አሁን መላውን `B` አምድ ወደ `C` ኮፒ አድርጉና `C3` ላይ 30ን በ365 ተኩ። ግራ የወር ኦፕሽን፣ ቀኝ የዓመት ኦፕሽን አላችሁ። የወሩ ዋጋ 2.29 ዶላር፣ የዓመቱ 7.97 ዶላር መሆን አለበት። ቬጋቸው 0.114 እና 0.397 ነው።

ደረጃ 2፦ ቀመሩን አትመኑት፣ በእጅ ፈትሹት

`B4` እና `C4` ላይ 0.20ን ወደ 0.21 ቀይሩ። የወሩ ዋጋ ከ2.29 ወደ 2.40 ይሄዳል። የዓመቱ ከ7.97 ወደ 8.36። ልዩነቱ ቬጋ ካላችሁ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ቀመር ስትጽፉ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። በኋላ ቮላቲሊቲውን በ15 ነጥብ ስናናውጠው የምንተማመነው በ`B8` እንጂ በ`B9` አይደለም። ቬጋ ለትንሽ እንቅስቃሴ የሚሆን መለኪያ ነው። ለትልቅ እንቅስቃሴ ዋጋውን እንደገና ማስላት ይሻላል።

ፈትሻችሁ ስትጨርሱ ሁለቱንም ወደ 0.20 መልሱ።

ደረጃ 3፦ ቀኑን እየቀያየራችሁ ቬጋውን መዝግቡ

`B3` ላይ እነዚህን ቀኖች በየተራ አስገቡና ያገኛችሁትን ጻፉ፦

| የቀረው ቀን | ዋጋ | ቬጋ |
|---|---|---|
| 7 | 1.10 | 0.055 |
| 30 | 2.29 | 0.114 |
| 90 | 3.96 | 0.198 |
| 365 | 7.97 | 0.397 |

ከ365 ወደ 90 ስትወርዱ ቀኑ ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ቬጋው ግን በግማሽ ብቻ ነው የወረደው። ከ30 ወደ 7ም እንደዚያው። ቬጋ የሚከተለው ቀኑን ሳይሆን የቀኑን ስኩዌር ሩት ነው።

ለምን ስኩዌር ሩት? የአክሲዮን ዋጋ ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል። ከፊሉ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ በአራት እጥፍ ጊዜ ውስጥ ከመነሻው የሚርቀው በአማካይ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ቮላቲሊቲ 20 በመቶ ሲሆን የ100 ዶላር አክሲዮን በ30 ቀን ውስጥ የሚርቀው የተለመደ ርቀት፣ ስታቲስቲክስ የተማሩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት፣ 5.73 ዶላር ያህል ነው። ቮላቲሊቲው 21 ሲሆን 6.02 ይሆናል። የጨመረው 29 ሳንቲም ነው። በዓመት ግን ርቀቱ ከ20 ዶላር ወደ 21 ዶላር ነው የሚሄደው፤ አንድ ሙሉ ዶላር ጨመረ። ስትራይኩ ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር እኩል የሆነ ኮል ከዚህ ጭማሪ 40 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የ29 ሳንቲም 40 በመቶ ከ11 ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይላል። የአንድ ዶላር 40 በመቶ 40 ሳንቲም ነው። ሰንጠረዡ ላይ ያያችሁት ቬጋ ይኸው ነው፤ በጭንቅላትም ይሰላል።

አሁን አንድ ነገር ጨምሩ። ቬጋውን ለዋጋው አካፍሉት፦ `=B9/B8`። የወሩም የዓመቱም 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ብዙዎችን ያስገርማል። በዶላር ሲለካ የዓመቱ ቬጋ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። ግን የዓመቱ ኦፕሽን ራሱ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው የሚያስከፍለው። ለአንድ የተከፈለ ዶላር ሲሰላ ሁለቱ እኩል ናቸው። «የዓመቱ ለቮላቲሊቲ የበለጠ ይደነግጣል» የሚለው አባባል እንግዲህ ምን እየለካን እንደሆነ ካልተናገርን ምንም አይነግረንም።

ደረጃ 4፦ ስትራይኩን ወደ 110 አርቁት

`B2` እና `C2` ላይ 110 አስገቡ። ቀኑ 30 እና 365፣ ቮላቲሊቲው 0.20።

የወሩ ኦፕሽን ዋጋ ወደ 0.12 ይወርዳል፣ ቬጋው ወደ 0.030። የዓመቱ ዋጋ 4.29፣ ቬጋው 0.372። የዓመቱ ብዙም አልተነካም። የወሩ ግን ቬጋው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ሁለቱን ብታካፍሉ የዓመቱ ከ12 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቅድም ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር።

ምክንያቱ ያው ርቀት ነው። 110 ለመድረስ 10 ዶላር ያስፈልጋል። በ30 ቀን ውስጥ የተለመደው ርቀት 5.73 ከሆነ 10 ዶላር ሩቅ ነው፣ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ኦፕሽኑ ምንም ሳያወጣ የመሞት ዕድሉ ትልቅ ነው። ቮላቲሊቲው አንድ ነጥብ ቢጨምርም ያንን ዕድል ብዙ አይቀይረውም። በዓመት ግን የተለመደው ርቀት 20 ዶላር ነው። 110 ግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ ለዓመቱ ኦፕሽን ሰፈሩ ነው።

ስለዚህ «የወሩ ቬጋ ከዓመቱ በስንት ያንሳል?» ብሎ ለሚጠይቅ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። ስትራይኩ ከአክሲዮኑ ዋጋ በራቀ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በመቶኛ ስታዩት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የ12 ሳንቲሟ የወር ኦፕሽን በአንድ ነጥብ ቮላቲሊቲ 3 ሳንቲም ትጨምራለች። ያ 25 በመቶ ነው። የዓመቱ 9 በመቶ እንኳን አይሞላም። ርካሽ የወር ኦፕሽን ገዝተው በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ የሚሉ ሰዎችን ስትሰሙ፣ እነዚያው ኦፕሽኖች በአንድ ቀን ባዶ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት መሆኑን አትርሱ።

ስትራይኩን ወደ 100 መልሱ። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ በ100 ናቸው።

ደረጃ 5፦ «አንድ ነጥብ» ለሁለቱ እኩል እንዳልሆነ በቁጥር እዩ

የጥያቄው እምብርት እዚህ ነው። ቬጋ የሚነግራችሁ ቮላቲሊቲው አንድ ነጥብ ቢንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን ነው። ስንት ነጥብ እንደሚንቀሳቀስ ግን አይነግራችሁም። የወሩና የዓመቱ ቮላቲሊቲ ደግሞ እኩል አይንቀሳቀሱም።

የሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ የአልጋ ዋጋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለዚያች ሳምንት አልጋ የሚፈልግ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል። በዚያው ቀን ቤት ለዓመት የሚከራይ ሰው ግን ኪራዩ እምብዛም አይጨምርበትም። አከራዩም ተከራዩም ንግሡ አልፎ እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ያቺ ሳምንት ከ52ቱ አንዷ ናት። የዓመት ኦፕሽን ቮላቲሊቲም እንደዚሁ የመጪዎቹ 365 ቀናት አማካይ ነው። ገበያው ዛሬ ቢናወጥ እንኳን፣ ነገሩ ከጊዜ በኋላ ይረጋጋል ተብሎ ስለሚጠበቅ አማካዩ ትንሽ ብቻ ነው የሚወጣው።

አማካዩ የሚወሰደው ከቮላቲሊቲው ሳይሆን ከስኩዌሩ ነው። እንሥራው። ገበያው ድንገት ደነገጠ እንበል። የመጪዎቹ 30 ቀናት ቮላቲሊቲ ከ20 ወደ 35 ዘለለ። ከዚያ በኋላ ያሉት 335 ቀናት ግን እንደ ድሮው 20 ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። የዓመቱ ቮላቲሊቲ ስንት ይሆናል? ባዶ ሴል ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=SQRT((30*0.35^2+335*0.20^2)/365)
```

መልሱ 0.2163 ነው። የወሩ 15 ነጥብ ሲወጣ የዓመቱ አንድ ነጥብ ከስድስት ብቻ ወጣ።

አሁን `B4` ላይ 0.35፣ `C4` ላይ 0.2163 አስገቡ። የወሩ ኦፕሽን ከ2.29 ወደ 4.00 ይሄዳል፤ 1.71 ዶላር ጨመረ። የዓመቱ ከ7.97 ወደ 8.61፤ የጨመረው 0.65 ብቻ። ቬጋው ሦስት ተኩል እጥፍ የሚያንሰው ኦፕሽን በዶላር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል የበለጠ ጨመረ። የቴሌግራሙ ጥያቄ መልስ ይሄው ነው።

ንቅናቄው 30 ቀን ሳይሆን 90 ቀን ይቆያል ተብሎ ቢጠበቅስ? ቀመሩ ላይ 30ን በ90፣ 335ን በ275 ተኩ። 0.2456 ታገኛላችሁ። ያንን `C4` ላይ ስታስገቡ የዓመቱ ዋጋ 9.77 ይሆናል፣ 1.81 ጨመረ። አሁን ከወሩ ጋር ተቀራረበ፣ እንዲያውም በትንሹ በለጠ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ገበያው ችግሩ ምን ያህል ይቆያል ብሎ ማሰቡ ነው።

እውነተኛ ገበያ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የቺካጎውን `Cboe` መረጃ ይክፈት። በአሜሪካ የ`S&P 500` ኢንዴክስ ኦፕሽኖች ላይ ተመሥርተው የተለያየ ጊዜ የሚለኩ ቁጥሮች አሉት፦ `VIX9D` የ9 ቀን፣ `VIX` የ30 ቀን፣ `VIX3M` የሦስት ወር፣ `VIX1Y` የአንድ ዓመት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 `VIX` በአንድ ቀን ከ17.31 ወደ 37.32 ወጥቶ ዘጋ። የዚያን ሳምንት ግራፍ ክፈቱና አራቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር መስመሩ እየተረጋጋ ሲሄድ ታያላችሁ።

ደረጃ 6፦ ይህን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚደርስበት አስሉ

አንድ ሰው ቬጋዎቹን ደምሮ «ቮላቲሊቲ ቢወጣም ቢወርድም አይነካኝም» የሚያሰኝ አቀማመጥ ሠራ እንበል። 7 የወር ኮል ሸጠ፣ 2 የዓመት ኮል ገዛ። የሸጠው ቬጋ 7 ሲባዛ በ0.114፣ ማለትም 0.80 ነው። የገዛው 2 ሲባዛ በ0.397፣ ማለትም 0.79። ስክሪኑ ላይ ድምሩ ዜሮ ገደማ ነው። ሰውየው ተኝቶ ያድራል።

የደረጃ 5ን የመጀመሪያውን ድንጋጤ አምጡበት። ከሸጠው እያንዳንዱ 1.71 ወጥቶበታል፦ በ7 ሲባዛ ወደ 12 ዶላር። ከገዛው እያንዳንዱ 0.65 አግኝቷል፦ በ2 ሲባዛ 1.29 ያህል። የተጣራ ኪሳራው 10.71 ነው። አንድ የአሜሪካ የአክሲዮን ኦፕሽን ውል 100 አክሲዮን ስለሚይዝ በ100 ይባዛል፦ ወደ 1,070 ዶላር። ሁለተኛው፣ 90 ቀን የሚቆየው ድንጋጤ ቢመጣም ከ800 ዶላር በላይ ይከስራል። «ቬጋዬ ዜሮ ነው» እያለ።

ይህም የአክሲዮኑ ዋጋ ከ100 ንቅንቅ አላለም ብለን ነው። በተግባር ቮላቲሊቲ እንዲህ ሲዘል አክሲዮኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወደላይ ከዘለለ ሰባት የወር ኮል የሸጠ ሰው ከዚያም ተጨማሪ ጉዳት አለበት።

ደረጃ 7፦ ቬጋውን በጊዜ መዝኑት

መፍትሔው የየጊዜውን ቬጋ ወደ አንድ ሚዛን ማምጣት ነው። ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ቀላል ዘዴ የ30 ቀኑን መነሻ አድርጎ በስኩዌር ሩት መመዘን ነው። በ`B10` እና `C10` ላይ ጻፉ፦

```
B10: =B9*SQRT(30/B3)
```

ቮላቲሊቲዎቹን ወደ 0.20 መልሱና እዩ። የወሩ 0.114 እንደነበረ ይቀራል። የዓመቱ 0.397 ደግሞ ወደ 0.114 ይወርዳል። 7 ቀንም 90 ቀንም ብታስገቡ ያው 0.114 ገደማ ነው። የደረጃ 6ን አቀማመጥ በዚህ ሚዛን ብትደምሩ ሰውየው ዜሮ ላይ አልነበረም፤ አምስት ሙሉ የወር ኦፕሽን ያህል ሸጦ ነበር።

ይህ ሚዛን «የወሩ ቮላቲሊቲ 15 ቢወጣ የዓመቱ 4.3 ያህል ይወጣል» ብሎ ይገምታል። ከደረጃ 5 ጋር አስተያዩት፦ 90 ቀን ለሚቆይ ድንጋጤ 4.6 አግኝተናል፣ ይቀራረባል። 30 ቀን ብቻ ለሚቆየው ግን 1.6 ነበር፣ አይቀራረብም። ስለዚህ ሚዛኑ ሕግ አይደለም፣ የመካከለኛ ድንጋጤ ግምት ነው። 7 የወር ሸጦ 7 የዓመት የገዛ ሰው በዚህ ሚዛን ዜሮ ነው። ድንጋጤው 90 ቀን ከቆየ 70 ዶላር ያህል ያተርፋል። 30 ቀን ብቻ ከቆየ ግን 750 ዶላር ገደማ ይከስራል። እኔ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን እንድትይዙ ነው የምመክረው፣ ጥሬውንም የተመዘነውንም። ሁሉም የጊዜ ርዝመቶች እኩል ቢወጡ ጥሬው ይሠራል። አጭሩ ብቻ ቢደነግጥ የተመዘነው ይቀርባል።

አንድ የማይሠራበት ቦታ ልጥቀስ። ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ሊያሳውቅ ቀናት ሲቀሩት የአጭሩ ኦፕሽን ቮላቲሊቲ ይወጣል፤ ውጤቱ በተነገረ ማግስት ደግሞ ይወድቃል። ይህ የተለመደ ድንጋጤ አይደለም፣ ቀኑ ቀድሞ የታወቀ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። እዚህ ስኩዌር ሩቱን ተዉትና የደረጃ 5ን የአማካይ ቀመር ተጠቀሙ። 30ን በ1፣ 335ን በ364 ተኩና የዚያችን ቀን ከፍተኛ ቮላቲሊቲ ለብቻዋ አስገቡ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ቮላቲሊቲን 0.20 ሳይሆን 20 ብሎ ማስገባት አንደኛው ነው። የኮሉ ዋጋ ወደ 100 ከተጠጋ እዚህ ተሳስታችኋል፤ ኦፕሽን ከአክሲዮኑ እኩል ሊያወጣ አይችልም።

`TRUE` እና `FALSE` ይምታታሉ። `B8` ላይ `FALSE` ከገባ ስትራይክ 100 ላይ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። `B9` ላይ `TRUE` ከገባ የዓመቱ ቬጋ 0.54 ይላል። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያታዊ ቁጥር ይመስላል። የሚያጋልጠው የደረጃ 2 ፍተሻ ብቻ ነው።

ቀመሩ ስህተት ካሳያችሁና ፊደሉ ሁሉ ልክ ከሆነ ኮማውን ተመልከቱ። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የአገር ቅንብሩ በኮማ ፋንታ ነጠላ ነጥብና ኮማ አንድ ላይ ያለበትን ምልክት ይፈልጋል።

ሌላው የመለኪያ ልዩነት ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ቬጋን ለአንድ አክሲዮን ያሳያል፣ አንዳንዱ ለሙሉ ውል በ100 አባዝቶ። አንዳንዱ ደግሞ `/100`ውን ስለማያደርግ የዓመቱ ቬጋ 39.7 ይሆናል። ከሁለት ቦታ የመጡ ቬጋዎችን ከመደመራችሁ በፊት በዚህ ሺት አንድ ኦፕሽን አስልታችሁ አመሳክሩ።

የመጨረሻው ስህተት ጊዜ ከማለፉ ጋር ይያያዛል። ዛሬ የገዛችሁት የዓመት ኦፕሽን ከዘጠኝ ወር በኋላ የ90 ቀን ኦፕሽን ነው። ማንም ሳይነካው ቬጋው ከ0.397 ወደ 0.198 ወርዷል። አክሲዮኑ በዚህ መሃል ወደ 130 ወይም ወደ 75 ሄዶ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል፤ ደረጃ 4 ላይ እንዳያችሁት ከስትራይኩ የራቀ አጭር ኦፕሽን ቬጋ ብዙም የለውም። ስለዚህ `B1` እና `B3`ን ቢያንስ በየሳምንቱ አድሱ። የወር ኦፕሽን ከሆነ በየቀኑ።